ለአያታችን የልደት ካርድ አጭር ምርቃት፦ እርስዎ ልበላት አንቺ?

የእማምዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን በቅርቡ 85 ዓመት ይሞላታል። የልጅ ልጆቿ ተሰባስበን አንድ ካርድ ልናሳትምላት ነው። ጽሑፉን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ እዚህ ደርሻለሁ፦

«ውድ አያታችን፣ በዚህ ልዩ ቀን 85ኛ ዓመት የልደት በዓልዎን ስናከብር ደስታችን ወሰን የለውም። ለእኛ ለልጆችሽ ያደረግሽው ነገር በቃላት አይገለጽም። እግዚአብሔር ቀሪ ዘመንሽን ይባርክልሽ፣ እስከ መቶ ዓመት ያኑርሽ፣ መጨረሻሽን ያሳምርልሽ። ሁሌም እንወድሻለን። መልካም ልደት!»

ካርዷ መዳፍ የምታክል ናት። ይሄ ሁሉ ሲገባባት ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ጮክ ብዬ ሳነበው ደግሞ የሆነ ቦታ ይጎረብጠኛል። የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማወቅ አቃተኝ።

ሌላው ጭንቀቴ አጠራሩ ነው። ቤት ውስጥ «እማምዬ፣ አንቺ» ነው የምንላት። ካርዱ ግን በእንግዶች ፊት ስለሚነበብ «እርስዎ» ይሁን የሚሉ አሉ። እባካችሁ እርዱኝ።

ወለላ

ውይ ደስ ሲል! የአያት ምርቃትማ የታወቀ ነው። እደጉ፣ ተመንደጉ። ካሰባችሁበት ድረሱ። እሾህ አይውጋችሁ፣ እንቅፋት አይምታችሁ። ክፉ አይንካችሁ። ይሄን ጻፉት፣ አጭርም ነው፣ ያምራልም።

የእማምዬ ልጅ

ወለላዬ አመሰግናለሁ። ግን ይሄ እሷ ለእኛ የምትለው ነው። እኛ ለእሷ የምንለውን ነው የፈለግኩት።

ወለላ

አሃ፣ አሁን ገባኝ። ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አንብቤ ነው የቸኮልኩት። የኔ አያት ሁልጊዜ እንደዛ ስለምትመርቀን እሷ ትዝ ብላኝ ነው።

ማረሚያ ብዕር

ወለላ ሳታስቢው ዋናውን ነገር ነካሽው። ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ታላቅ ታናሹን ይመርቃል። ታናሽ ተነስቶ ታላቁን ልመርቅ ቢል ነውር ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ምርቃት የሚባል ነገር ባይገባ ይሻላል። «መልካም ልደት» ብሎ ስም መጻፍ ይበቃል። የግድ ካላችሁ «ብዙ ዘመን ኑሩልን» በሉና ጨርሱት። «አንቺ»ን ግን በፍጹም። በህትመት ላይ ስድብ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ማረሚያ ብዕር፣ የመጀመሪያው ሐሳብህ እውነት አለው። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም።

አያት «ተባረኩ» ሲሉ ሰጪው እሳቸው ናቸው። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ልጁ ላይ ያርፋል። የልጅ ልጅ «ተባረኪ» ቢላቸው ግን ቦታ የተለዋወጡ ይመስላል። ጆሮ ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። ታዲያ ታናሽ ዝም ይበል ማለት አይደለም። ታናሽ ይለምናል። ስንለምን ደግሞ የአረፍተ ነገሩን ባለቤት እንለውጠዋለን። «ያቆይልን»፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን»፣ «ጤናዎን ይጠብቅልን» ስንል የሚሰጠው ፈጣሪ ነው። እኛ ለማኞች ነን። ይሄን ታላቅ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል እንጂ ነውር ብሎት አያውቅም። አብዛኛው ሰውም ምርቃት ብሎ የሚጠራው ይሄኑ ነው።

«ኑሩልን» ላይም አንድ ነገር ልበል። «ኑሩ» ለብዙ ሰው ነው። ለአንድ የተከበረ ሰው «ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንደምንለው «ይኑሩልን» ነው የሚባለው። ካርዱ ለአያትየውም ለአያቲቱም በአንድ ላይ ቢሆን ኖሮ «ኑሩልን» ልክ ይሆን ነበር።

የእማምዬ ልጅ፣ የጎረበጠሽን አግኝቼልሻለሁ። «በዓልዎን» ብለሽ በእርስዎ ጀመርሽ። «ለልጆችሽ» ላይ ስትደርሺ ወደ አንቺ ዞርሽ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንቺ ነው። ሰሚው ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ መንገዱ እንደተሰበረ ይሰማዋል። የመረጥሽውን ምረጪ፣ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው አንዱን ያዢ።

ከዚህ የባሰ ግን ሦስት ቃላት አሉ። «ቀሪ ዘመንሽን»፣ «እስከ መቶ ዓመት» እና «መጨረሻሽን ያሳምርልሽ»። ሦስቱም ለክፉ የተባሉ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ሦስቱም ግን የሚያሳዩት ዳርቻውን ነው። «ቀሪ» ያልሽ ጊዜ አብዛኛው አልቋል ብለሻል። «መጨረሻውን ያሳምረው» ለተጀመረ ሥራ፣ ለትዳር፣ ለጉዞ ጥሩ ምኞት ነው። ለ85 ዓመት ሰው በልደቷ ቀን ሲባል ግን ስለ ሞት ይመስላል።

የበኩር ልጅ

መምህር ያሉት በእኔ ላይ ደርሷል። አያቴ 96 ሲሞላው ካርዱ ላይ «100 ዓመት ይኑሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለው ብዬ ነው። ልጆቹ ፊት ቆሜ አነበብኩለት። አባባ ትንሽ ዝም አለና «አራት ዓመት ነው የቀረኝ ማለት ነው?» አለ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ቁጣም የለበትም። እኔ ግን ያቺን ዝምታ እስካሁን አልረሳኋትም። በዓመቱ ለ97ኛው «ለከርሞውም በሰላም ያድርስዎ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ራሱ ተቀብሎኝ ሦስቴ «አሜን» አለ። ገደብ የለው፣ ቁጥር የለው። ከርሞ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ከርሞ አለ።

የእማምዬ ልጅ

ኧረ የበኩር ልጅ፣ አንጀቴን በላኸው። መቶን አሁኑኑ አወጣሁት። «ቀሪ»ንና «መጨረሻ»ንም ሰርዣለሁ። መምህር እግዜር ይስጥልን። ራሴ የጻፍኩትን ስንት ጊዜ አንብቤ አንዱንም አላየሁትም።

ግን አሁን ሳየው ምንም የቀረ ነገር የለም። «ደስታችን ወሰን የለውም» እና «በቃላት አይገለጽም» ብቻ ቀሩ።

ሌት አንባቢ

እነሱም ይውጡ። ለአለቃም፣ ለአስተማሪም፣ ለማንም የሚባሉ ናቸው። «በዚህ ልዩ ቀን» ደግሞ አማርኛ አይመስልም፣ ከሌላ ቋንቋ ካርድ ላይ የተገለበጠ ነው የሚመስለው። ሰው እማምዬን ሳያውቅ ሊጽፈው የሚችለውን ሁሉ አውጪ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። እማምዬ ምን ታደርግ ነበር? ብዙ አይደለም፣ አንድ ነገር። ዓይንሽን ስትጨፍኚ መጀመሪያ የሚመጣልሽን።

የእማምዬ ልጅ

በሩ።

ሰባት ሆነን ነው እሷ ቤት ያደግነው። ማታ ማታ ሁላችንም ሳንገባ በሩን አትቆልፍም ነበር። አንዱ ካመሸ ወንበሯን በሩ አጠገብ አድርጋ ትቀመጣለች። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትይዘዋለች። የመጨረሻው ሲገባ አትቆጣም። «ገባችሁ?» ትላለች። ለአንድ ሰው ነው «ገባችሁ» የምትለው። ከዚያ ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ይሰማናል። ያንን ድምፅ ሳንሰማ አንተኛም ነበር።

ሌት አንባቢ

በቃ፣ ካርድሽ ይሄው። ታሪኩን በሙሉ መጻፍ አይጠበቅብሽም፣ እሷ ታውቀዋለች። አንድ መስመር ይበቃል። «ሁላችን ሳንገባ በር ዘግተው አያውቁም።» ሰባታችሁም ስታነቡት የቁልፉን ድምፅ ትሰማላችሁ። እንግዳውም ባይሰማው ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ይገባዋል።

ምርቃቱ ደግሞ ከዚሁ ቢወጣ ደስ ይለኛል። «ደጅዎ አይዘጋ» የሚባል የቆየ ምርቃት አለ። በሩን ለእናንተ ክፍት አድርጋ ለኖረች ሴት ከዚህ የሚገጥም አላውቅም።

ጡረተኛው መምህር

ሌት አንባቢ፣ በጣም ጥሩ አየህ። ከመስመሩ ላይ ተነስቶ ምርቃት ሲመጣ የተለጠፈ አይመስልም።

እኔ እንዲህ አቀናብሬዋለሁ፦

«እማምዬ፣
እንኳን ለ85ኛ ዓመት ልደትዎ በሰላም አደረሰዎ።
ሁላችን ሳንገባ በር ዘግተው አያውቁም።
ደጅዎ አይዘጋ።
ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልን።
ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ»

22 ቃል ነው። የአንቺው 33 ነበር። «ልን» የምትለውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደተጠቀምኩ አስተውዪ። «ያቆይልን» ውስጥ ናት። እሷ ፍቅርን ታሳያለች፣ እንፈልግዎታለን ትላለች። በየመስመሩ «ልን፣ ልን» ሲበዛ ግን ሁሉ ነገር ስለ እኛ ይሆናል። ልደቱ የእሳቸው ነው።

ፊደል ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። «አደረሰዎ» በ«ሰ» ነው፣ ያለፈ ነገር ስለሆነ። የበኩር ልጅ የጻፈው «ያድርስዎ» በ«ስ» ነው፣ ምኞት ስለሆነ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቅና «አደረስዎ» ይላል። «አደረሳችሁ»ም ለአንድ ሰው አይሆንም።

ማረሚያ ብዕር

የ«ይኑሩልን»ን ነገር ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ መምህር። ያላሰብኩት ነው።

«አይዘጋ» ግን አይመቸኝም። ምርቃት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም «ቤቱ ተዘጋ» የምንለው መቼ ነው? ወራሽ ሲጠፋ፣ ሰው ሲያልቅ አይደል? «አይዘጋ» ስትሉ መዘጋትን ታነሳላችሁ። እላይ «መጨረሻ» የሚለውን ለዚሁ አይደል ያወጣችሁት? በልደት ካርድ ላይ አሉታ ባይኖር እመርጣለሁ። «ደጅዎ እንደተከፈተ ይኑር» ቢባልስ?

ሌት አንባቢ

አንድ አይደሉም። «መጨረሻሽን ያሳምር» ሲባል መጨረሻው እንደሚመጣ ታስቦ ነው። «አይዘጋ» ግን እንዳይመጣ ነው የሚለምነው። ወለላ የጻፈቻቸውን እያቸው። «እሾህ አይውጋችሁ፣ እንቅፋት አይምታችሁ።» ግማሹ ምርቃታችን እንዲህ በ«አይ» ነው የሚነገረው፣ ማንም ከፍቶት አያውቅም። «እንደተከፈተ ይኑር» ትርጉሙ ያው ነው፣ ግን ሰው እንደዛ ሲመርቅ ሰምቼ አላውቅም።

ማረሚያ ብዕር

በአፍ ሲባልና ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይለያያል ባይ ነኝ። የአፍ ምርቃት «አሜን» ተብሎ ያልፋል። ካርድ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላም ይነበባል።

ጡረተኛው መምህር

እኔ «አይዘጋ»ን እጽፋለሁ። የማረሚያ ብዕርን ስጋት ግን አላጣጥለውም። ቤት ውስጥ በቅርብ ሐዘን ካለ ቃሉ ሌላ ነገር ሊያስታውስ ይችላል። ይሄን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። የእማምዬ ልጅ፣ ከልጆቿ ታላቅ የሆነውን ጠይቂ።

ወለላ

አንድ ጥያቄ። እኛ ቤት ሁሉም ሰው አያቴን አንቺ ነው የሚላት። አንድ ቀን እንግዳ ፊት «እርስዎ» ብላት «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። የራቅኳት መሰላት። ታዲያ እማምዬም እርስዎ ስትባል እንደዛ ቢሰማትስ?

ጡረተኛው መምህር

ወለላ፣ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። «አንቺ በህትመት ስድብ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። እናቱን አንቺ የሚል ሰው ሁሉ ተሳዳቢ አይደለም። የቅርበት አንቺ አለ፣ የንቀት አንቺ አለ። ሁለቱን የሚለየው አብሮት የሚመጣው ቃል ነው። «እማምዬ፣ ደጅሽ አይዘጋ» ብሎ ማን ይቆጣል?

ሆኖም ካርዱን የሚፈርሙት ብዙ ሰዎች ከሆኑ እርስዎ ይቀላል። ከፈራሚዎቹ መካከል የልጆቿ ሚስቶችና ባሎች ይኖራሉ። እነሱ ምናልባት እርስዎ ነው የሚሏት። በአንቺ ከተጻፈ የእነሱ አፍ አይደለም። የልጅ ልጆቹ ብቻ ከሆናችሁ ግን በቤት አጠራራችሁ ብትጽፉ እኔ ቅር አይለኝም።

ማረሚያ ብዕር

እኔ አሁንም እርስዎ እላለሁ።

ካርድ አታሚ

ሥራዬ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። መዳፍ የምታክል ካርድ ስትዪ A6 ናት መሰለኝ፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር። በየጎኑ 10 ሚሊ ተዪ። ከዚያ 16 ነጥብ በሆነ ፊደል 22 ቃል ተንጣሎ ይገባል። ለ85 ዓመት ዓይን ከ16 በታች አትውረጂ። 33 ቃል ለማስገባት ስትሉ ነው ወደ ጉንዳን የሄዳችሁት።

የፊደሉ ዓይነት ቀጠን ያለና የተጠማዘዘ አይሁን። የኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ጭረት ነው። «ይኑሩ» ላይ ያለችው የ«ሩ» ጭረት ከጠፋች «ይኑር» ይሆናል። ክብሩ በዚያች ጭረት ላይ ነው ያለው። በወርቃማ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። አንድ ደንበኛዬ «ብዙ ዘመን ይኑሩ» ብላ አዝዛ በቀጭን ወርቃማ ፊደል ታተመ። ሰው ሁሉ «ይኑር» ብሎ አነበበው። እንደገና አተምነው። ከዚያ ወዲህ ወርቁን ለጌጡ፣ ጥቁሩን ለጽሑፉ እላለሁ። Abyssinica SIL ወይም Noto Serif Ethiopic ቢሆን ጭረቱ በደንብ ይታያል።

መስመር ስትሰብሪ በትንፋሽ ስበሪው። «የልጅ» አንድ መስመር ላይ ቀርቶ «ልጆችዎ» ሌላ መስመር ላይ ከወረደ ያስጠላል። አራት ነጥቡን ደግሞ ከሁለት ነጥብ እየደረደርሽ አትሥሪው፣ «።» ራሱን ተጠቀሚ። የምትልኪው ፋይል PDF ይሁን። በዎርድ ሲላክ እኛ ጋ ያ ፊደል ከሌለ መልኩም መስመሩም ይቀየራል። በቀድሞዎቹ የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

የእማምዬ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ታላቁን አጎቴን ጠየቅኩት። «ደጅዎ አይዘጋ» ስለው «እሱን ካወጣሽው እኔ አልፈርምም» አለኝ። ስለዚህ ይቆያል። ማረሚያ ብዕር፣ ስጋትህን ነግሬዋለሁ። ትንሽ አሰበና «እናቴ ራሷ ስትመርቅ የምትለው ነው» አለ።

እርስዎ ሆኗል፣ የአጎቶቼ ሚስቶች ስለሚፈርሙ። ውስጠኛው ገጽ ላይ ግን እኛ ሰባታችን በእጃችን አንድ ቃል እንጽፋለን። «ገባን» ብቻ።

የሙከራ ህትመቷ መጥታለች። ዓይናቸው ለደከመ አንዲት ጎረቤታችን ሰጠኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሳይቸገሩ አነበቡት። «በሰላም አደረስዎ» ብለው ሲያነቡ ግን ደነገጥኩ። ካርዱን ተቀብዬ ሳየው እውነትም «ስ» ነው የተጻፈው። መምህር እየነገሩኝ ራሴ ተሳስቼ ነው የላክኩት። አሁን አስተካክያለሁ።

የበኩር ልጅ

«ገባን» የሚለው ላይ እንባዬ መጣ።

አዲስ አባል

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ይሄንኑ ለወንድ አያቴ ልጠቀምበት ፈልጌ ነበር። ምን ምን ልለውጥ? «አደረሰዎ»ን ለወንድ እንዴት ነው የምጽፈው?

ጡረተኛው መምህር

እርስዎ ወንድና ሴት የለውም። «አደረሰዎ»፣ «ደጅዎ»፣ «ልጆችዎ» እንዳሉ ይቆያሉ። በአንተ ብትጽፍ ነበር «አደረሰህ፣ ደጅህ» እያልክ ሁሉንም የምትለውጠው። የሚለወጠው መጀመሪያ ላይ ያለው መጠሪያ ነው። «አያቴ» ብለህ አትጥራቸው፣ ሰው አያቱን ፊት ለፊት እንደዛ ሲጠራ ብዙ አልሰማሁም። አባባም ይሁን ጋሼ፣ ቤት የምትሏቸውን ጻፍ። ዕድሜውንም እንደሳቸው።

የበሩን መስመር ግን አትውሰድ፣ እሱ የእማምዬ ነው። አያትህ ምን ያደርጉ ነበር?

አዲስ አባል

ሬዲዮ ነበራቸው። ስንተኛ ድምፁን ይቀንሱትና ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር።

ሌት አንባቢ

ከዚያ ጀምር።